አየሩና ስፍራው በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



አጭር ልብ ወለድ ጠባብ ቤት ነው። በጥቂት ገጾች ውስጥ ሰውን ማስተዋወቅ፥ ነገርን መጀመርና ነገርን መጨረስ ግዴታው ስለ ሆነ፥ ሥራ የሌለው ዕቃ የሚቀመጥበት ማዕዘን የለውም። ስለዚህ ደራሲው ቆም ብሎ ሰማዩን፥ መንገዱን፥ የመብራቱን ብርሃን በሚያሳየን ጊዜ፥ ለእነዚህ ነገሮች አንድ ሥራ ሰጥቷቸዋል ማለት ነው። ያ ሥራ ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ፥ ካወቁም በኋላ ለሌላ ሰው በማስረጃ አስደግፎ በአንድ አንቀጽ መጻፍ እንዴት እንደሚቻል በዛሬው ንግግራችን እንመለከታለን።

አስቀድመን ሁለት ቃላትን እንለይ። ታሪኩ የተፈጸመበትን ጊዜና ቦታ የሥነ ጽሑፍ መምህራን «መቼት» ይሉታል፤ ይኸውም «መቼ» እና «የት» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ተገጣጥመው የወጣ ቃል ነው። የአየሩ ጠባይ፥ ማለት ዝናቡ፥ ጭጋጉ፥ ብርዱና ሐሩሩ፥ የመቼቱ አንድ ክፍል ነው። ሁለተኛው ቃል «ድባብ» ነው። ድባብ በመሠረቱ በክብር ሰው ወይም በታቦት ላይ የሚዘረጋው ጥላ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከድባቡ ሥር የቆመ ሰው ሁሉ በአንድ ጥላ ይሸፈናል። በልብ ወለድም ውስጥ ድባብ የምንለው ከታሪኩ በላይ የተዘረጋውን፥ ባለታሪኩንም አንባቢውንም በአንድነት የሚሸፍነውን ስሜት ነው። እንግዲህ መቼት በዓይን የሚታይ፥ በጆሮ የሚሰማ ነገር ሲሆን ድባብ ግን ከዚያ የሚወጣ ስሜት ነው። ስለ ድባብ የሚጽፍ ሰው ድካሙ ሁሉ ከሚታየው ወደማይታየው የሚወስደውን መንገድ ማሳየት ነው።

ይህን በአንድ ታሪክ ላይ እንፈትነው። የሩሲያው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. «ቶስካ» የሚል አጭር ልብ ወለድ አሳትሞ ነበር። ቃሉ በሩሲያ ቋንቋ ሐዘንንም ናፍቆትንም የልብ ጭንቀትንም በአንድነት የሚይዝ ስለ ሆነ በአንድ ቃል ለመተርጐም ያስቸግራል፤ እኛ ለዛሬው «ሐዘን» እንበለው። ባለታሪኩ ኢዮና ፖታፖቭ የሚባል ሽማግሌ ጋሪ ነጂ ነው። ልጁ በዚያው ሳምንት ሞቶበታል። ይህን ሐዘኑን ለአንድ ሰው ለመንገር ይመኛል። በመጀመሪያ ለተሳፈረው መኰንን፥ ቀጥሎ ለሦስት ጐረምሶች፥ ከዚያም ለአንድ የቤት ዘበኛ፥ በመጨረሻም በማደሪያው ለሚያገኘው ወጣት ጋሪ ነጂ ሊናገር ይሞክራል። የሚያዳምጠው ግን አንድም አይገኝም። ታሪኩ የሚያልቀው ኢዮና ወደ ጋጣ ገብቶ ሁሉን ነገር ለፈረሱ ሲነግራት ነው። ድርጊቱ ይህ ብቻ ነው። ነገር ግን ታሪኩን አንብቦ የጨረሰ ሰው ልቡ ላይ አንድ ክብደት ይቀርበታል፤ ያ ክብደት ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ ወደ አየሩና ወደ ስፍራው እንመለሳለን።

ታሪኩ የሚጀምረው ሲመሽ፥ የመንገዱ መብራት ገና እንደ በራ ነው። ከሰማይ አመዳይ ይወርዳል። እዚህ ላይ የኛ አገር አንባቢ አንድ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባዋል። «በረዶ» ሲባል በክረምት ቆርቆሮውን እየደበደበ፥ ጆሮ እያደነቈረ የሚወርደው ጠጠር ወደ ሐሳባችን ይመጣል። በዚህ ታሪክ የሚወርደው ግን አልፎ አልፎ በሰሜን ተራሮች ራስ ላይ እንደሚታየው፥ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ አመዳይ ነው። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ጠጠሩ በረዶ ይጮኻል፥ ይመታል፥ ሰውንም ወደ መጠለያ ያስሮጣል፤ ወዲያውም ያባራል። አመዳይ ግን ድምፅ የለውም፤ አይመታም፤ ቀስ እያለ ይወርድና ባረፈበት ላይ ይከመራል። በአእምሮው ጠጠሩን በረዶ እያየ የሚያነብ ሰው የድንጋጤና የጥድፊያ ድባብ ይሰማዋል፤ ደራሲው የዘረጋው ግን የዝምታና የመሸፈን ድባብ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ አየሩ በእውነት ምን ዓይነት እንደ ሆነ፥ ብዛቱን፥ ፍጥነቱንና ድምፁን ለይቶ መረዳት ነው።

አመዳዩ በቤቱ ጣራ ላይ፥ በፈረሶቹ ጀርባ ላይ፥ በሰዎቹ ትከሻና ቆብ ላይ እኩል ያርፋል። ኢዮና ከራስ እስከ እግሩ ነጭ ሆኗል። በጋሪው መቀመጫ ላይ ጐብጦ ይቀመጣል እንጂ አይንቀሳቀስም። ፈረሱም እንደዚሁ ነጭ ሆና ቆማለች፤ እግሮቿ እንደ እንጨት ቀጥ ከማለታቸው የተነሣ ልጆች በሳንቲም ከሚገዙት በፈረስ መልክ ከተጋገረ ብስኩት ጋር ትመሳሰላለች። ደራሲው በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ሙሉ የአመዳይ ክምር ቢወድቅበት እንኳ ኢዮና ለማራገፍ የሚያስብ አይመስልም ይለናል። የድባቡ ቍልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። አመዳይ በሩሲያ ክረምት በሁሉም ላይ ይወርዳልና መውረዱ ብቻ ስለ ኢዮና የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግረን አለማራገፉ ነው። ሕይወት ያለው ሰው በትከሻው ላይ የወደቀውን ያራግፋል፤ ይህ ሰው ግን ከጣራውና ከመንገዱ ጋር አንድ ዕቃ ሆኗል። ስለዚህ ስለ አየር በምትጽፉበት ጊዜ አየሩን ብቻውን አትውሰዱ፤ አየሩን፥ ባለታሪኩም በአየሩ ፊት ያደረገውን ወይም ያላደረገውን አጣምራችሁ ያዙ።

ታሪኩን ወደ ፊት ስንከተል አመዳዩ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚቀር ጌጥ አለመሆኑን እናያለን። መኰንኑ ወደ ቪቦርግ ሰፈር ውሰደኝ ብሎ በተጣራ ጊዜ ኢዮና ይነቃል፤ ልጓሙን ሲስብ ከፈረሱ ጀርባና ከገዛ ትከሻው ላይ አመዳዩ ይራገፋል። በዚያም ጊዜ ሊናገር ይሞክራል፤ መኰንኑ በምን እንደ ሞተ አንድ ጥያቄ ይጠይቀውና ወዲያው ዓይኑን ይጨፍናል። መኰንኑን አውርዶ በአንድ መጠጥ ቤት አጠገብ ሲቆም እንደ ገና ጐብጦ ይቀመጣል፤ አመዳዩም እሱንና ፈረሱን እንደ ገና ነጭ ያደርጋቸዋል። አንድ ሰዓት ያልፋል፥ ሌላም ይደገማል። ከዚህ በኋላ ሦስቱ ጐረምሶች ይመጣሉ፤ ከነሱ አንዱ ጐባጣ ነው። ለሦስት ሰው ሃያ ኮፔክ ብቻ ይሰጡታል፤ ዋጋው ያልተገባ ቢሆንም ሰው ማግኘቱን ብቻ ስለሚሻ ይስማማል። ስለ ልጁ ሲነግራቸው ጐባጣው ሁላችንም እንሞታለን ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እንግዲህ አመዳዩ የሰዓት ሥራ ይሠራል፤ ሰው ሲመጣ ይራገፋል፥ ሰው ሲሄድ ይመለሳል። ይህን መደጋገም ያስተዋለ አንባቢ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ያይደለ ከታሪኩ አካሄድ ማስረጃ አግኝቷል፤ እንዲህ ያለው ማስረጃም ከሁሉ የጸና ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ስፍራው እንለፍ። የቪቦርግ ሰፈርና የፖሊስ ድልድይ መጠቀሳቸው ከተማው በዚያን ጊዜ የሩሲያ መናገሻ የነበረው ሴንት ፒተርስበርግ መሆኑን ያሳየናል። ከጨለማው ውስጥ ስድብና ጩኸት ይሰማል፤ መብራቱ እየደመቀ፥ የሰዉም ግርግር እየበዛ ይሄዳል። ደራሲው ስለ ፈረሱ ሲናገር ከእርሻዋ ተነጥላ ወደዚህ የብርሃንና የጫጫታ ጐርፍ የተጣለች ፍጥረት ናት ይላል፤ ይህንም ስለ ፈረሱ መናገሩ ስለ ጌታዋም መናገሩ ነው። ኢዮና ከሁለቱም የመንገዱ ዳር የሚተላለፈውን ሕዝብ እያየ፥ ከነዚህ ሁሉ ሺሕ ሰዎች አንድ የሚሰማኝ አይገኝምን እያለ ይጨነቃል።

በዚህ ላይ አንድ ቀላል የመፈተኛ ዘዴ እናድርግ። ስፍራውን እንለውጠው። ያው ሽማግሌ፥ ያው ሐዘን፥ ያው አመዳይ፥ ነገር ግን ሰው በማይገኝበት ሜዳ ላይ ይሁን። ብቸኝነቱ አይቀርም፤ ሆኖም ጥፋቱ የሜዳው ይሆናል፤ ሰሚ ያጣው ሰው ስለሌለ ነው እንላለን። በከተማው ውስጥ ግን ሰሚ ያጣው ሰው በሞላበት ነው። ስለዚህ የታሪኩ ድባብ ምድረ በዳ የሚሰጠው ብቸኝነት አይደለም፤ በሕዝብ መካከል ሳይታዩ የመቅረት ብቸኝነት ነው። ስፍራውን ወይም አየሩን በሐሳብ ለውጠን ምን እንደ ጐደለ ስንጠይቅ፥ ያ የጐደለው ነገር መቼቱ ይሠራው የነበረው ሥራ ነው።

የታሪኩ መጨረሻ ይህንኑ ያጸናል። ኢዮና የቤቱን ዘበኛ ሰዓቱን ሲጠይቀው በኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል፤ ዘበኛውም ከዚህ ሂድ ይለዋል። ወደ ማደሪያው ሲመለስ ከትልቅ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል። አሁን አመዳይ የለም፤ ብርድም የለም። ሰዎቹ በየቦታው ተኝተው ያንኰራፋሉ፥ አየሩ የታፈነ ነው። ችግሩ ብርዱ ቢሆን ኖሮ ድባቡ እዚህ በቀለለ ነበር፤ ነገር ግን አልቀለለም። አንድ ወጣት ውሃ ሊጠጣ ሲነሣ ኢዮና ስለ ልጁ ይነግረዋል፤ ወጣቱ ግን ተከናንቦ ይተኛል። የምድጃው ሙቀት አካልን እንጂ ልብን አላሞቀም። ከዚያ ወደ ጋጣው ሲሄድ ስለ አጃው፥ ስለ ድርቆሹና ስለ አየሩ ጠባይ ያስባል፤ ብቻውን ሆኖ ስለ ልጁ ማሰብ ይከብደዋልና። በመጀመሪያ በላዩ ሲወርድ የነበረው አየር አሁን ሐዘኑን የሚሸሽበት ተራ ሐሳብ ሆኗል። በመጨረሻም ፈረሷ ድርቆሿን እያኘከች ታዳምጠዋለች፤ ትንፋሿም በእጁ ላይ ያርፋል። ከሕያው ፍጥረት የወጣ ሙቀት ወደ ኢዮና ሲደርስ የምናየው እዚህ ላይ ነው፤ ያም ከሰው የመጣ አይደለም።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ አንቀጹን እንዴት እንጽፈዋለን? ብዙ ጊዜ በፈተና ወረቀትም ሆነ በንባብ ማኅበር የሚታየው አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

«በታሪኩ ውስጥ አመዳይ ይወርዳል። ይህም ታሪኩን የሚያሳዝን ያደርገዋል። ኢዮና ልጁ ስለ ሞተበት በጣም አዝኗል። ደራሲው አየሩን በደንብ ገልጾታል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሐሰት የለም፤ ሆኖም የሚያስረዳው ነገርም የለም። «የሚያሳዝን» የሚለው ቃል ለሺሕ ታሪክ ይሆናል። አመዳዩና ሐዘኑ ጐን ለጐን ተቀምጠዋል እንጂ አንዱ ከሌላው ጋር በምን እንደ ተያያዘ አልተነገረም። «አመዳይ» የሚለውን ፍቀን «ዝናብ» ብንጽፍበት አንቀጹ ምንም አይሰማውም፤ ይህም ማስረጃው ሥራ እንዳልነበረው ያሳብቃል።

የተሻለው አንቀጽ አራት ነገር ያደርጋል። በመጀመሪያ ድባቡን ለዚህ ታሪክ ብቻ በሚስማማ ቃል ይሰይማል። ሁለተኛ ከታሪኩ ልዩ ልዩ ስፍራ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ይጠቅሳል። ሦስተኛ እያንዳንዱ የተጠቀሰው ነገር ያን ስሜት እንዴት እንደሚያመጣ ይናገራል። አራተኛ ድባቡ ወደ ታሪኩ ጠቅላላ ሐሳብ የት እንደሚያደርስ ያመለክታል። ምሳሌውም ይኸው፦

«በቼኾቭ ታሪክ ውስጥ አመዳዩ የሚፈጥረው ድባብ በሰው መካከል በሕይወት ሳሉ የመቀበር ስሜት ነው። በመክፈቻው አመዳዩ በጣራውም በፈረሱም በኢዮናም ላይ እኩል ይከመራል፤ ኢዮናም አያራግፈውም። የሚወርደው ነገር ድምፅ ስለሌለው አደጋ አይመስልም፤ ሰውየው ግን ሳይታወቅ ከግዑዝ ነገር ጋር ይቈጠራል። ተሳፋሪ ሲጠራው አመዳዩ ከትከሻው ይራገፋል፥ ተሳፋሪው ሳያዳምጠው ሲሄድ ግን እንደ ገና ነጭ ይሆናል፤ በዚህም ሕያውነቱ ሰው በማግኘቱ ላይ እንደ ተመሠረተ እናያለን። በማደሪያው ምድጃ አጠገብ አመዳዩ ባይኖርም የሚሰማው ስላጣ ጭንቀቱ አይለቀውም። ስለዚህ የሸፈነው ብርዱ ብቻ አልነበረም፤ የሰዎቹ ዝምታ ነበር፤ ከዚህም ጥቂት የሚገላግለው በእጁ ላይ ያረፈው የፈረሱ ትንፋሽ ብቻ ነው።»

ይህ አንቀጽ ረጅም አይደለም። ነገር ግን ከመካከሉ አንዱን ማስረጃ ብታወጡ ድምዳሜው ይናጋል። ማስረጃ ሥራ መሥራቱን የምናውቀው በዚህ ነው፤ ማስረጃውን በእጃችሁ ሸፍናችሁ የቀረውን አንብቡ፤ ድምዳሜው እንደ ቀድሞው ከቆመ ማስረጃው ጌጥ ነበር፤ ከወደቀ ግን ምሰሶ ነበር።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ጨምረን እናብቃ። የመጀመሪያው፥ አየርን እንደ መዝገበ ቃላት አትፍቱ። አመዳይ ሁልጊዜ ሞት፥ ጸደይ ሁልጊዜ ደስታ፥ ዝናብ ሁልጊዜ ዕንባ አይደለም። በልግ ዘግይቶበት ሰማይ ሰማይ ለሚያይ ገበሬ ዝናብ ምን እንደ ሆነ ማንም ያውቃል። አሜሪካዊቱ ደራሲ ኬት ሾፐን በ1894 ባወጣችው «የአንድ ሰዓት ታሪክ» ውስጥ ወይዘሮ ማላርድ ባሏ በባቡር አደጋ ሞተ የሚል ወሬ ይደርሳትና በተከፈተ መስኮት አጠገብ ትቀመጣለች። በውጭ የሚታየው የሚያለመልም ዛፍ፥ የሚሸተውም የዝናብ ሽታ ነው፤ ወፎች ይንጫጫሉ፥ በደመናው መካከልም ሰማያዊ ሰማይ ይታያል። አየሩ ከወሬው ጋር አይስማማም። ጥቂት ቆይቶ ሴትዮዋ ነጻ የመሆን ስሜት በልቧ ሲገባ ስናይ ግን፥ አየሩ እሷ ራሷ ገና ያላወቀችውን አስቀድሞ ይናገር እንደ ነበር እንረዳለን። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ አየር ከዚህ ሰው ልብ ጋር ይስማማል ወይስ ይጣላል የሚለው ነው።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ከትርጉም ለሚያነብ ሰው ነው። የድምፅ ውበትና የቃላት ምት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር አብዛኛው በመንገድ ይቀራል። የቼኾቭን ታሪክ በእንግሊዝኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ያነበበ ሰው «የዓረፍተ ነገሩ ዜማ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ ቢጽፍ የተርጓሚውን ሥራ ለደራሲው ሰጠ ማለት ነው። ነገሮች፥ ድርጊቶችና ቅደም ተከተላቸው ግን ይሻገራሉ። የአመዳዩ አለመራገፍ፥ የምድጃው ሙቀት፥ የፈረሱ ትንፋሽ በማናቸውም ቋንቋ ያው ናቸው። ከትርጉም የምትጽፉ ከሆነ ማስረጃችሁን ከነዚህ ምረጡ።

ከእንግዲህ አንድ አጭር ልብ ወለድ ስታነቡ እርሳስ ይዛችሁ አየሩ በተነሣበት ቦታ ሁሉ ከዳር ምልክት አድርጉ፤ ከምልክቱም አጠገብ ባለታሪኩ በዚያች ሰዓት ምን እንዳደረገ በሦስት ቃል ጻፉ። ታሪኩ ሲያልቅ ምልክቶቹን ከላይ ወደ ታች ተመልከቷቸው። የኢዮናን ታሪክ ምልክት ያደረገ ሰው «ተከመረ፥ አላራገፈም፤ ተራገፈ፥ ሊናገር ሞከረ፤ እንደ ገና ተከመረ፥ ጐበጠ» የሚል ዝርዝር ያገኛል፤ አንቀጹም ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቀለምና ወረቀት ብቻ ነው።